ደሜ ሳይማር

የመጀመሪያ እርግዝናዬ ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ ደም ሰጥቼ ውጤቱን የተቀበልኩ ቀን፣ ከጤና ጣቢያው እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ነው የሄድኩት። ወረቀቱ ላይ አራት መስመር ነበር። ኤች አይ ቪ፣ ኔጌቲቭ። የጉበት ቫይረስ፣ ኔጌቲቭ። የአባላዘር፣ ኔጌቲቭ። አራተኛው መስመር የደም ዓይነት ይላል፤ ከፊቱ ክብ የኦ ፊደል፣ ከፊደሏ ቀጥሎ አንዲት አጭር ሰረዝ። ሰረዟንም ኔጌቲቭ ብዬ አነበብኳት። ማንበቡንስ በትክክል ነው ያነበብኩት።

እኛ ዘንድ ኔጌቲቭ ማለት የምሥራች ነው። ሰው ሊያገባ ሲል ይመረመራል፣ ኔጌቲቭ ሲባል ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ዓረብ አገር ልትሄድ ያለች ልጅ ኔጌቲቭ ከተባለች ሻንጣዋን ትገዛለች። እኔም አራት ጊዜ በተከታታይ ተመሥክሮልኝ ምን ያስጨንቀኛል?

የላቦራቶሪው ሠራተኛ "ይሄን ይዘሽ ሲስተር ጋ ግቢ፣ ታስረዳሻለች" ብሎኝ ነበር። ሲስተር በር ላይ አግዳሚውን የሞሉ እርጉዞች ተደርድረዋል። እኔ ደግሞ ወረፋ ላይ መቀመጥ ምጣድ ላይ እንደ መቀመጥ ነው የሚሆንብኝ። ምን ታስረዳኛለች፣ ማንበብ እችል የለ እንዴ ብዬ ወረቀቱን ካርዴ ውስጥ አጥፌ ወጣሁ። ቀጥሎ የነበሩኝን ሁለት ቀጠሮዎችም ዘለልኩ፤ አንዱን ሥራ በዝቶብኝ፣ አንዱን እንዲሁ ስላስጠላኝ። ይሄን የምጽፈው ማንም ጤና ጣቢያውን እንዳይወቅስ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነበር።

ሥራዬ ቡታጅራ መናኸሪያ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ስለዚህ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ገበሬው ከመስቃን ቀበሌዎች መጥቶ የልቡን ይነግረኛል፣ እኔ "ጉዳዩ፦" ብዬ እጀምርለታለሁ። ማንበብና መጻፍ የኔ ሙያ ነው ብዬ እኮራ ነበር። ባለቤቴ ጉብሬ ነው የሚሠራው፤ አዳዲስ ቤቶች ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ይመጣል። የዚያን ቀን ደውዬ "ሁሉም ኔጌቲቭ!" አልኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለኝ። በዚሁ ተዘጋ።

እህቴን ያኔ አልነገርኳትም። ምክንያቱም እህቴን እንዳላይ ተከልክዬ ነበር።

እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇ ጤነኛ ወንድ ነው፤ አሁን ፍየል አስሮ ትምህርት ቤት የሚሄድ ጎረምሳ ሆኗል። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። በተወለደች በመጀመሪያው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ጠዋት ፀሐይ አሞቋት፣ በሦስተኛው ቀን ጡት መያዝ አቆመችና ሞተች። ሦስተኛው ሆዷ ውስጥ ስምንተኛ ወሩ ላይ ጸጥ አለ። ሲወለድ አብጦ ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ቃል ነው ያለው፦ ሾተላይ። የመጀመሪያውን ትታ ተከታዮቹን የምትበላ፣ ሴቲቱ ላይ የምታድር ክፉ ነገር ናት ይባላል። እህቴ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን፣ ሼሁ ቁርኣን የቀሩበትን ውኃ፣ የታጠነችውን ጭስ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

እናቴ ደግሞ በዚህ ላይ የራሷን ሕግ ጨመረች። ሾተላይ ትተላለፋለች፣ እርጉዝ ሴት ሾተላይ ያለባት ሴት ቤት ከገባች ታስከትላታለች። እኔ ባረገዝኩ ጊዜ መጀመሪያ ያለችኝ "እንኳን ደስ አለሽ" አይደለም። "እህትሽ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ" ነው። እህቴም ሰምታ ኖሮ መምጣቷን ተወች። ለእናቴም ለኔም አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ገበያ ስትወጣ እንኳ በኛ ሰፈር ማለፏን አቆመች።

ሰባተኛው ወር ላይ ከእናቴ ጋር ተጣላሁ። በምን እንደነበር አላስታውስም፤ የምግብ ወይ የልብስ ጉዳይ ይመስለኛል፤ እኔና እሷ በማንኛውም ነገር መጣላት እንችላለን። ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት ወረድኩ፣ የቀረውን በእግሬ አዘገምኩ። እህቴ ደጇ ላይ ጆንያ አንጥፋ በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ ዓይኗ በበርበሬው እንባ ሞልቷል።

"ማን ፈቅዶልሽ መጣሽ?" አለችኝ፣ ሳትነሳ።

"እግሬ።"

"እማ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እዚያው ቁሚ። ቤት አትግቢ።"

"አንቺም ታምኛለሽ እንዴ እትዬ?"

"እኔ አላምንም። ግን ልጅሽን ጉንፋን እንኳ ቢይዘው እማ በኔ ነው የምታሳብበው። ውጭ እንቀመጣለን። ደግሞ ምንድነው በሆድሽ ይሄን ሁሉ መንገድ መንቀዥቀዥ? አንቺ ቀዥቃዣ!" ብላ ዱካ አወጣችልኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ሆዴን ከሩቅ በዓይኗ ለካች። በእጇ አልነካችኝም።

"ደምሽን አይተውታል?"

"አይተውታል። ሁሉም ኔጌቲቭ ነው።"

መቀንጠሷን አቆመች። "የቱ ኔጌቲቭ?"

"ሁሉም አልኩሽ እኮ።"

"ደምሽስ?"

"እሱም ኔጌቲቭ። እንኳን ደስ አለሽ በይኝ እንጂ፣ ምን ታፈጥጫለሽ?"

"ካርድሽ የታለ?"

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እህቴ ተነስታ እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበች፣ በነጠላዋ አደረቀች፣ ከዚያ ነው ካርዴን የተቀበለችው። ቤት ገብታ በላስቲክ የተጠቀለለ የራሷን ካርድ ይዛ ወጣች። ሁለቱን ወረቀቶች ሌላ ዱካ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የሷ ላይ የኤ ፊደል አለ፣ ከፊደሏ ቀጥሎ ሰረዝ።

"የኔኮ ኦ ነው፣ ያንቺ ኤ ነው፤ አይገናኝም" አልኳት። ማንበብ ሙያዬ ነው ብያችኋለሁ።

"ፊደሉን ተዪው። ልጆቼን ፊደሉ አይደለም የነጠቀኝ" አለች፤ ጣቷን ሰረዟ ላይ አሳረፈች። "ይቺ ናት።"

እህቴ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው።

ሦስተኛውን ልጅ ካጣች በኋላ ሆስፒታል የመረመራት ሐኪም ምን እንዳላት ያኔ ነው የነገረችኝ። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ጭምር። የብዙ ሰው ደም አንድ ምልክት አለው፤ ምልክቱ ያለው ፖዘቲቭ ይባላል፣ የሌለው ኔጌቲቭ። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠር ነው። እናትየው ምልክቱ ከሌላት፣ ልጁ ደግሞ ከአባቱ ወርሶ ካለው፣ በተለይ በወሊድ ሰዓት ትንሽ የልጁ ደም ወደ እናት ይሻገራል። የእናት ደም ያንን እንግዳ ያያል፣ ጠላት ነው ይላል፣ የሚያጠፋውን መሣሪያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ግን ወጥቶ ሄዷል፣ ብዙውን ጊዜ ምንም አይነካውም። የእናት ደም የተማረውን አይረሳም። ቀጣዩ ልጅ ምልክቱን ይዞ ሲመጣ መሣሪያው ተሻግሮ የልጁን ደም ይሰባብራል። ልጁ ደም ያንሰዋል፣ ያብጣል፣ ከተወለደም ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ሲበዛ አንጎል ይጎዳል። ሾተላይ የምንላት ይቺ ናት።

"መርፌ አለው አለኝ ሐኪሙ" አለች እህቴ። "ታዲያ ውጋኝ አልኩት። 'ላንቺ አይሠራም፤ መርፌው የሚሠራው ደሟ ገና ላልተማረ ሴት ነው፣ ያንቺ ተምሯል' አለኝ።" ሳቀች። "እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ደሜ ግን ሄዶ ተምሮልኛል።"

እኔ አልሳቅኩም።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር" አለች። "ያንቺ ግን ጅቡ ገና አልመጣም። ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሄዳለን።"

"ነገ ሥራ አለኝ።"

"ያመልክቱብሽ" አለች፣ ጆንያዋን እየጠቀለለች። "ማመልከቻውን ራስሽ ትጽፊላቸዋለሽ።"

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ወረፋው ላይ ስቅበጠበጥ ክርኔን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሐኪሟ ካርዴን አየችና የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ? ያስወረደሽስ? ደም የተሰጠሽ ጊዜስ?" የሚል ነበር። አንዳቸውም የለም አልኳት። "እውነቱን ነው የምጠይቅሽ፤ ውጭ ያለችው እህትሽ አትሰማም። ውርጃም ቢሆን ደምሽን ሊያስተምረው ይችላል።" እውነቱን ነው አልኳት፣ እውነትም ነበር። ላቦራቶሪ ላከችኝ፤ ደሜ ያንን መሣሪያ ሠርቶ እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ አለ።

ውጤቱን የሰጠን ላቦራቶሪው ውስጥ ያረጀ የሚመስል፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የቆመ ሰውዬ ነው።

"ደምሽ ኔጌቲቭ ነው" አለኝ።

"እሱን አውቀናል" አለች እህቴ።

"ምርመራውም ኔጌቲቭ ነው።"

"ይሄኛው ኔጌቲቭ ጥሩው ነው መጥፎው?" አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። "ስሚ ልጄ፤ የመጀመሪያው ኔጌቲቭ ጥሩም መጥፎም አይደለም፣ አንቺ ነሽ። ሁለተኛው ኔጌቲቭ ጥሩ ነው፤ ደምሽ ገና ምንም አላወቀም ማለት ነው። ባልሽ ደግሞ ይመርመር። እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ልጁም ኔጌቲቭ ነው፣ መርፌም አያስፈልግሽ።"

"ፖዘቲቭ ከሆነስ?"

"ፖዘቲቭ ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው ነው። አትዘኑበት።"

እህቴ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሁለተኛዋን ኔጌቲቭ በልቧ እየደጋገመች እንደነበር ገብቶኛል። እሷ ይቺን ወረቀት አግኝታ አታውቅም።

ለባለቤቴ ደወልኩ። ያን ዕለት ከሰዓት ወልቂጤ አንድ ላቦራቶሪ ገብቶ ተመርምሮ ውጤቱን ይዞ ወደ ጉብሬ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈረ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አላውቅም፣ ደወልኩ።

"እሺ፣ ምን አሉህ?"

ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን ጮክ ብሏል፤ አልሰማኝም። "ምን?"

"ውጤትህ!"

"ፖዘቲቭ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። "ፖዘቲቭ! ሰማሽ? ፖዘቲቭ ነኝ አልኩሽ!"

ዘፈኑ ተዘጋ። ረዳቱ ነው የዘጋው። ባለቤቴ በኋላ ሲነግረኝ፣ አጠገቡ የተቀመጡ አዛውንት ቀስ ብለው ትከሻውን ያዙና "አይዞህ ልጄ፣ ዛሬ መድኃኒት አለው፤ ሰው እስከ ሽምግልና ይኖራል" አሉት። እሱ "አይ አባባ፣ የደም ዓይነቴ ነው" ቢል ማን ይስማው። ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበለው አልፈለገም፤ አሳዘነው። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት "ለሚስቱ በስልክ ይነገራል እንዴ እንዲህ ያለ ነገር!" ብላ ተቆጣች። እኔ ስልኩ ስላልተዘጋ ጫጫታውን ሰምቼ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በሳቅ ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ፤ እህቴ ምጥ መስሏት ሮጣ መጣች።

ቀላሉ ይሄ ነበር። ከባዱ እናቴ ነበረች።

"አላልኩሽም?" አለች፣ ወረቀቱን ሳሳያት። "አላልኩሽም እህትሽ ቤት አትሂጂ? ሄድሽ፣ በማግስቱ ሾተላይ አለብሽ ተባልሽ! ሌላ ምን ምሥክር ትፈልጊያለሽ?"

"እማ፣ ወረቀቱ እኮ የሦስተኛ ወር ነው! ደሜ እንዲህ የሆነው ስወለድ ነው። እትዬ አይደለችም የሰጠችኝ፤ ከሰጣችሁንም አንቺና አባቴ ናችሁ የሰጣችሁን።"

ይሄን ማለት አልነበረብኝም። እናቴ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እውነት ስለሆነ። ግን ሁለቱንም ሌሊት እንዳልተኛች አውቃለሁ፤ እኔም አልተኛሁም፤ ክፍላችን ጎን ለጎን ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው።

መርፌው በሆስፒታሉ አልነበረም፤ ማቀዝቀዣ ካላቸው መድኃኒት ቤቶች አንዱ አዲስ አበባ ጠይቆ አስመጣልን። ሃያ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ክንዴ ላይ ተወጋሁ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ መርፌው ውስጥ ያለው ተሠርቶ ያለቀ መሣሪያ ነው። የልጁ ደም ሾልኮ ቢገባ፣ የኔ ደም ዓይቶ ሳይማር ያ መሣሪያ ቀድሞ ያጸዳዋል። ደሜ እንግዳ መጥቶ እንደነበር እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሆድ ውስጥ ላለው ልጅ አያሰጋም። "ይሄ የመጀመሪያው ነው" አለችኝ። "ስትወልጂ የልጁ ደም ይመረመራል። ፖዘቲቭ ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ትወስጃለሽ።" እኔ ልረሳው ስል እህቴ በጣቷ ቆጠረችው፦ አንድ፣ የልጁ ደም። ሁለት፣ ሦስት ቀን። ሦስት፣ ሌላ መርፌ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር ከሰላምታ በፊት ታስቆጥረኝ ነበር። ሁለተኛውንም መርፌ አስቀድማ ለመድኃኒት ቤቱ ሴትዮ ነግራ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠችልኝ።

ምጤ የመጣው አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። እናቴ ወሰደችኝ። እህቴን የጠራኋት እኔ ነኝ፤ ለእናቴ አልነገርኳትም። ማዋለጃ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሁለቱ ከወራት በኋላ ተገናኙ። እኔ ውስጥ ሆኜ ድምፃቸውን ነው የሰማሁት።

"አሰላሙ አለይኩም እማ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ራቅ ብለሽ ቁሚ።"

"እሺ።"

እህቴ ራቅ ብላ ቆመች። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆመች።

ልጄ ሴት ናት፤ ጮኻ ነው የመጣችው፣ እንደኔ። አዋላጇ እትብቱ ሲቆረጥ ከልጅቷ በኩል ደም በብልቃጥ ቀዳች። ብልቃጡ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ሴት ምጥ ይዟት ገባች፣ አዋላጇ ወደዚያ ሮጠች። ለልምምድ የመጣ ተማሪ ካርዴን እያገላበጠ ቀረ። እህቴ በሩን ገፍታ ገባች።

"የልጅቷ ደም ተላከ?"

"የምን ደም?" አለ ተማሪው። "እሷ እኮ ሰባተኛ ወር ላይ መርፌውን ወስዳለች፣ ተጽፏል። ይበቃታል።"

"አይበቃትም።"

"እትዬ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ እዚህ የተጻፈውን ነው የማነብልሽ።"

"እኔ ደግሞ ሁለት የቀበርኩ ነኝ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "የመጀመሪያው መርፌ እስከ ዛሬ ነው የጠበቃት፤ እየደከመ ይሄዳል። ብዙው ደም የሚሻገረው ዛሬ ነው። ዛሬ ክፍት ከተዋችኋት ደሟ ይማራል፤ ጉዳቱ ለቀጣዩ ልጅ ነው። ሄደህ ሲስተርን ጠይቅ።"

ተማሪው ካርዴን እንደገና ገለጠ። አዋላጇ ከመጋረጃው ኋላ፣ ሌላዋን ሴት እንደያዘች፣ "ልክ ናት!" ብላ ጮኸች። "ልክ ናት አልኩህ! ብልቃጡን ላቦራቶሪ ውሰድ!"

"እኔ እወስደዋለሁ" አለች እህቴ። ስሜ የተጻፈበትን ብልቃጥ ከነወረቀቱ ተቀብላ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች፤ ለማንም አላመነችውም። የኮሪደሩ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ተመልሳ ስትመጣ ያ መነጽራም ሰውዬ የጻፈው ወረቀት እጇ ላይ ነበር። ኦ፣ ከፊደሏ ቀጥሎ የመደመር ምልክት። የልጅቷ ደም ጤነኛ ነው፣ የኔ መሣሪያ የለበትም። መርፌው ግን ያስፈልጋል።

መርፌውን ከመድኃኒት ቤት በበረዶ ይዛ የመጣችውም እሷ ናት። አዋላጇ ስትወጋኝ እህቴ አጠገቧ ቆማ የመርፌውን ቱቦ እስከ መጨረሻው ጠብታ አየችው። "አለቀ?" አለች። "አለቀ" አለች አዋላጇ። "አሳዪኝ።" አዋላጇ ሳትቆጣ ባዶውን አሳየቻት።

በሩ ክፍት ስለነበር እናቴ ሁሉንም አይታለች። አንዲት አስታማሚ ሴት ጠጋ ብላ "ልጅሽን ምን ሆና ነው የሚወጓት?" ስትላት ሰማሁ።

"ምንም አልሆነችም" አለች እናቴ። "እንዳትሆን ነው።"

እንዲህ ዓይነት አነጋገር ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ሁለት ሌሊት ግድግዳው ኋላ ሳትተኛ ያሰበችው ይሆናል። ከዚያ ገባች፣ ልጄን ከጎኔ አነሳቻት። ወደ ባለቤቴ ነው የምትሄደው ብዬ ነበር፤ ከጉብሬ ደርሶ ደጅ ላይ ያለቅስ ነበር። አልሄደችም። አራስ ልጅ ማንም አምኗት የማይሰጣት፣ ቡና ሲጠራሩ እርጉዝ ካለች የማትጠራዋ እህቴ ፊት ለፊት ቆመች።

"ያዢያት" አለቻት።

እህቴ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። "እማ፣ ተዪ።"

"ያዢ አልኩሽ! ክንዴ ደከመ።"

የእናቴ ክንድ አልደከመም። ሃምሳ ኪሎ በርበሬ የሚያነሳ ክንድ ነው። ይቅርታ ማለት ስለማትችል ነው እንዲህ ያለችው፤ እኔም ከሷ ነው የወረስኩት። እህቴ ልጄን ተቀበለች፣ ቢስሚላህ አለች፣ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። እኔ አልጋው ላይ ተጋድሜ፣ ላቤ ሳይደርቅ፣ ነጥብ ያልመጣላት ልጅ መሆኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳሁ። የዚህች ሴት እህት ነኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። እስከ ዛሬ የትኛውም ወረቀት ላይ ቢጻፍልኝ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ አላውቅም።

እሷ ከዚያ በኋላ አልወለደችም። ሐኪሟ ካረገዝሽ ገና ከጅምሩ ትልቅ ሆስፒታል ክትትል ያስፈልግሻል አለቻት፤ ለሆድ ውስጥ ልጅ ደም የሚሰጥበት ቦታ እንኳ ሩቅ ነው። "አንድ አለኝ፣ እሱም እህል ይጨርሳል" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ያዘነችበትን ሰዓት ለኔ አላሳየችም፣ እኔም ያየሁ አላስመስልም። ግን የሠፈሯ ሴቶች ሲያረግዙ ካርዳቸውን ይዘው ወደ ቤቷ ይመጣሉ። ድሮ ደጇን ይሸሹ የነበሩት ናቸው። እሷም አትግደረደርም፦ "ደምሽን አሳዪኝ። ባልሽስ? ምርመራው? ሂጂ፣ ነገ ሂጂ።"

ሁለተኛዬን ባለፈው ክረምት ወለድኩ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ያ ምርመራ ተደገመ፤ ደሜ አሁንም ምንም አልተማረም። አንዱ መርፌ ለአንዱ እርግዝና ብቻ ነው የሚጠብቀውና ሃያ ስምንተኛው ሳምንት ላይ እንደገና ተወጋሁ። ወንድ ነው፤ የሱም ደም ፖዘቲቭ ሆነ፣ ሌላኛውንም መርፌ በዚያው ቀን ወሰድኩ። ወረፋዎቹን ሁሉ ተቀምጬ ነው የጠበቅኩት፤ ስቅበጠበጥ፣ ግን ተቀምጬ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ቤታችን መጣች። ሰላምታም አላስረዘመችም፤ ልጁን ከጎኔ አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። አፍንጫውን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ተጫነችና ለቀቀች፣ ቆዳው ሲመለስ ቢጫ እንዳለው አየች። ዓይኑን እስኪገልጥ ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች፤ ልጁ እንቅልፋም ነው። ሲገልጥ ነጩ ነጭ ነበር። እግሩን ፈትታ አየች፣ መልሳ ጠቀለለችው፣ አምጥታ ጡቴ ላይ አስያዘችልኝ። ሲጠባ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

"ምንም የለውም" አለች። "በይ፣ እኔ ገበያ ይረፍድብኛል።"